ከጅማ የቡና ሰነዶች መረጃ ለማውጣት የሚዘጋጅ የመስክ ንድፍ

የመስክ ንድፍ፣ ማለትም መረጃ የሚሞላባቸው ቦታዎች ዝርዝር፣ ከተለያዩ ሰነዶች የሚወጣ መረጃ በምን ስም፣ በምን መለኪያና በምን አጻጻፍ እንደሚመዘገብ አስቀድሞ ይወስናል። በጅማ አካባቢ የቡናን ጉዞ በወረቀት የሚከተል ሰው ብዙ ዓይነት ሰነድ ያጋጥመዋል፤ ገበሬው እሸት ቡና ሲያስረክብ የሚቆረጥለት ደረሰኝ፣ የጭነት መኪና የሚዛን ወረቀት፣ የመጋዘን መረከቢያ። አንዱ «ክብደት» የሚለውን ሌላው በአፋን ኦሮሞ «ኡልፋቲና» ይለዋል። ስለዚህ መስኮቹ ስማቸውን የሚያገኙት ከወረቀቱ ሳይሆን ከምንፈልገው መልስ ነው፤ ማን፣ መቼ፣ ስንት፣ በምን ዋጋ።

ትልቁ ውሳኔ በወረቀቱ ላይ ያለውን ጽሑፍና እኛ የተረዳነውን ትርጉም ለየብቻ ማስቀመጥ ነው። በምሳሌ እንየው። አንድ ደረሰኝ ቀን 03/04/2014፣ ክብደት 12፣ የኪሎ ዋጋ 40 ብር፣ ጠቅላላ ክፍያ 8,160 ብር ይላል እንበል። መለኪያው አልተጻፈም። 8,160 ለ40 ሲካፈል 204 ይሆናል፤ አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ስለሆነ 12ቱ ፈረሱላ ነው ማለት ነው።

```json
"weight": {"raw": "12", "unit_raw": null, "kg": 204, "status": "በስሌት"}
```

ጠቅላላ ክፍያው ባይኖር ኖሮ ግን "kg" ባዶ ሆኖ "status" ላይ «አሻሚ» ተብሎ መቅረት ነበረበት። ቀኑም እንዲሁ ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ታኅሣሥ 3 ቀን 2014 ሊሆን ይችላል፤ በፈረንጆቹ ከተነበበ ግን መጋቢት 25 ቀን 2006 ላይ ይወድቃል። እሸት ቡና በመጋቢት ስለማይለቀም የመጀመሪያው ንባብ ያመዝናል፤ ሆኖም የቀን መቁጠሪያውን ዓይነት የሚይዝ የራሱ መስክ ያስፈልጋል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ባዶ ቦታ ነው። ባዶነት አንድ ዓይነት አይደለም። የሚዛን ወረቀት የኪሎ ዋጋ የሚጻፍበት ቦታ ስለሌለው «አይመለከተውም» ይባላል። ቦታው እያለ ሳይሞላ የቀረ «አልተሞላም» ነው። ተጽፎ ውሃ ያጠፋው ደግሞ «አይነበብም»፤ ይህኛው ዋናው ወረቀት ቢገኝ ሊታረም ስለሚችል ከሌሎቹ ጋር መቀላቀል የለበትም። በነዚህ ምትክ ዜሮ መጻፍ ከባድ ስህተት ነው። ሦስት ደረሰኞች 100፣ 140 እና «አይነበብም» ቢሆኑ አማካዩ 120 ኪሎ ነው፤ ሦስተኛው ዜሮ ተብሎ ከተመዘገበ ግን 80 ይወርዳል፤ ገበሬው ያላጎደለው ቡና በመዝገብ ላይ ይጎድላል።

የንድፉ ጉድለት የሚታየው ሁለት ሰዎች ያንኑ ሃያ ወረቀት ሳይመካከሩ ሲሞሉ ነው። በአንድ መስክ ላይ ደጋግመው ከተለያዩ፣ አንዱ «አልተሞላም» ያለውን ሌላው «አይመለከተውም» ካለ፣ የመስኩ ፍቺ እንደገና ይጻፋል፤ ቀደም ብለው የተሞሉትም በአዲሱ ፍቺ ዳግም ይታያሉ።