የሰልባጅ ልብስ ዕድሜ ከዚፕ፣ ከሌብል፣ ከስፌትና ከቅዱ አንፃር

ባሕር ዳር ቅዳሜ ገበያ ላይ ሻጩ «ኦሪጅናል የስልሳዎቹ ነው» ሲል መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት በየትኛው አቆጣጠር የሚለው ነው። በኛ 60ዎቹ ማለት በፈረንጅ ከ1967 እስከ 1977 ነው፣ ሌብሉን የሚገዛው ህግ ደግሞ የወጣው በፈረንጅ ስለሆነ ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

ዋናው ነገር አንድ ልብስ ሲሰፋ አብሮት ከገባው ነገር ውስጥ አዲሱ ከተፈለሰፈበት ጊዜ በፊት ሊሰፋ አይችልም። አሮጌ ዚፕ ግን ዓመታት መደርደሪያ ላይ ቆይቶ አዲስ ልብስ ላይ ሊሰፋ ስለሚችል የአሮጌ ነገር መኖር ብቻውን ምንም አያረጋግጥም።

አንድ የአሜሪካ ቀሚስ እንይ። ሻጩ የጀርባውን የብረት ዚፕ እያሳየ በፈረንጅም የ60ዎቹ ነው ይላል። እውነት ነው የናይለን ዚፕ የተስፋፋው ከ1960ዎቹ ወዲህ ነው፣ ከዛ በፊት ብረት ነበር። ቀሚሱን ገልብጠን ስናይ ግን ዚፑ በነጭ ክር ተሰፍቷል ሌላው ስፌት ሁሉ ቡናማ ነው፣ ከጎኑም ባዶ የመርፌ ቀዳዳ ተደርድሯል፣ ማለትም ዚፑ ተቀይሯል ስለዚህ ከማስረጃነት ወጣ።

ሌብሉ ብዙ ይናገራል። በቋሚነት የተሰፋ የአጠባበቅ መመሪያ በአሜሪካ ግዴታ የሆነው በ1972 ነው። ቀሚሱ ላይ ይሄ አለ፣ በተጨማሪ የሴቶች ልብስ ሰፊዎች ማህበር ምልክት በቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ተሰፍቶበታል፣ ይሄ ባለ ሶስት ቀለም ከ1974 እስከ 1995 የነበረው ነው። ሌብል ከሌላ ልብስ ተነቅሎ ሊሰፋ ስለሚችል ከስሩ ያለው ጨርቅ ከዙሪያው ያነሰ መደብዘዙን ማየት ያስፈልጋል፣ እዚህ ላይ ደብዛዛ ያልሆነ አራት ማዕዘን ልክ በሌብሉ መጠን አለ፣ ሌብሉ የራሱ ነው ማለት ነው።

የውስጥ ጠርዙ በኦቨርሎክ ተይዟል። ኦቨርሎክ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ያለ ማሽን ስለሆነ ብቻውን አይወስንም፣ በ40ዎቹና 50ዎቹ ግን ጠርዝ በዚግዛግ መቀስ ተቆርጦ መተው የተለመደ ነበር። ቅዱ ከሁሉም ደካማው ማስረጃ ነው፣ የ80ዎቹ ትልልቅ ትከሻ ራሱ ከ40ዎቹ የተቀዳ ነው።

ስለዚህ ቀሚሱ ከ1974 በፊት አልተሰፋም። ሻጩ በኛ አቆጣጠር ብሎ ቢሆን ሊያስኬድ ይችላል፣ በፈረንጅ ግን አይሆንም።

ይሄ ዘዴ ሌብል በሌለው፣ ሰፈር ውስጥ በተሰፋ ልብስ ላይ ብዙም አይሰራም። በጣልያን የጦር ካሳ በ1961 በተቋቋመው የኛ የባሕር ዳር ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ በወጣ ጠንካራ ጨርቅ ልብስ ሰፊዎቻችን የሰፉት ላይ ዚፑ በዛን ቀን ሱቅ የተገኘው ነው፣ የሚታየው የእጅ ስፌቱና ጨርቁ ብቻ ነው።