የእጅ እና የፋብሪካ የብር ጌጥ አለያየት፦ ብየዳ፣ ክብደት፣ አጨራረስና መቆለፊያ

የብር ጌጥ በእጅ ተሠራ ወይስ ከፋብሪካ ወጣ የሚለውን ለማወቅ የሚሻ ሰው መጀመሪያ ጌጡን ይገለብጠዋል። ፊቱ የተዘጋጀው ለተመልካች ነው፤ የአሠራሩን ዱካ የሚይዘው ጀርባው ነው። በጀርባው ላይ የሚታተመው 925 የሚል ቁጥር ከ1000 እጅ 925ቱ ንጹሕ ብር መሆኑን ብቻ ይናገራል፤ ማን እንደሠራው አይነግርም።

ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ የሚታየው በቀጭን ሽቦ ተጠልፎ በሚሠራ ጌጥ ላይ ነው። አንጥረኛው ሁለት ቀጭን ሽቦዎችን ገምዶ በጥቂቱ ይደፈጥጣቸዋል፤ ከዚያም እየጠቀለለ ወፈር ካለ ሽቦ በተሠራ ክፈፍ ውስጥ ይደረድራቸዋል። በላዩ ላይ መበየጃው በደንብ እንዲፈስ የሚረዳውን ቦራክስ የተባለ ዱቄትና የመበየጃ ብናኝ ነስንሶ በእሳት ያሞቀዋል። መበየጃው ራሱ ብር ነው፤ ነገር ግን መዳብና ዚንክ ስላለበት ከጌጡ ቀድሞ ይቀልጣል። ቀልጦም ሽቦና ሽቦ ወደሚነካኩበት ጠባብ ቦታ ይሳባል። ስለዚህ ጌጡን 10 እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ሲያዩት በእያንዳንዱ መገናኛ ላይ ትንሽ የተሞላ ጥግ ይታያል፤ ከዚያ ውጭ የሽቦው ግምድ እንዳለ ነው።

በቅርጽ ማውጫ ፈስሶ የተሠራው ቅጂ እንዲህ ያለ መገናኛ የለውም፤ ሽቦ የሚመስለውና ክፈፉ ከመጀመሪያውም አንድ አካል ናቸው። የግምዱ መስመሮች ደብዝዘው ይታያሉ፣ ክፍት መሆን የነበረባቸው ቀዳዳዎች ግማሽ በግማሽ ተደፍነዋል፣ አንዳንዴም በመርፌ የተወጋ የሚመስሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይገኛሉ። መበየጃ ተትረፍርፎ ግምዱን ከዋጠው ግን ፋብሪካ ነው ብሎ መፍረድ ችኮላ ነው፤ እጁ ያልሰላ አንጥረኛም እንዲሁ ያደርጋል። ግራጫ፣ ለስላሳና ያበጠ ብየዳ ደግሞ ብዙ ጊዜ በኋላ በእርሳስና በቆርቆሮ የተጠገነ ቦታ ነው። ፋብሪካዎች የሰንሰለት ቀለበቶችን በሌዘር ሲበይዱ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረቡ ጥቃቅን ክብ ነጥቦች ይቀራሉ።

«ከባድ ከሆነ የእጅ ነው» የሚለው አነጋገር አያስኬድም። የፈሰሰ ጌጥ ድፍን ስለሆነ ከባድ ሊሆን ይችላል፤ ጥሩ የሽቦ ሥራ ደግሞ በባሕርይው ቀላል ነው። ክብደት የሚጠቅመው ብረቱን ለመለየት ነው። ለምሳሌ 31.2 ግራም የሚመዝን ድፍን አምባር አለ እንበል። ውሃ የያዘ ብርጭቆ ሚዛን ላይ አድርገን ቁጥሩን ዜሮ እናደርጋለን፤ ከዚያ አምባሩን በክር አንጠልጥለን፣ ግድግዳውንና ታቹን ሳያስነካ ውሃው ውስጥ እናጠልቀዋለን። ሚዛኑ አሁን የሚያሳየው አምባሩ የገፋውን ውሃ ክብደት ነው፤ 3.0 ግራም ካሳየ 31.2ን ለ3.0 ስናካፍል 10.4 ይመጣል፤ ይህ የ925 ብር እፍጋት ነው። ናስ ቢሆን ኖሮ ሚዛኑ ወደ 3.7 ግራም ያሳይ ነበር። ድንጋይ ያለበት ወይም ውስጡ ባዶ የሆነ ጌጥ ግን በዚህ መንገድ አይለካም፤ በሽቦ ሥራ ውስጥ የተደበቀ የአየር አረፋም ውጤቱን ያዛባል።

አጨራረሱን ለማየት ጥንድ ጌጥ፣ በተለይ የጆሮ ጉትቻ፣ ምቹ ነው። የመዶሻ ምት ምልክት በፋብሪካም ሊኮረጅ ስለሚችል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ነገር ግን በግራው ጉትቻ ላይ ያለው ጭረት በቀኙም ላይ በዚያው ቦታና በዚያው ርዝመት ከተገኘ ሁለቱም ከአንድ ቅርጽ ወጥተዋል ማለት ነው። በማሽን እየተንከባለለ የተወለወለ ጌጥ ጠርዞቹ ሁሉ እኩል ይዶለዱማሉ። በእጅ የተጨረሰው ደግሞ ጣት በማይደርስበት ጥግ የሞረድ ጭረት ይቀርበታል። ሮዲየም የተባለ ነጭ ብረት የተቀባ ብር ቀዝቃዛ ነጭ ይሆናል፣ ቅቡ እስካለም አይጠቁርም፤ ያልተቀባው ሲጠቁር ግን የብየዳው መስመር ብዙ ጊዜ ከዙሪያው በቀለም ተለይቶ ይወጣል።

መቆለፊያው ሰውን በጣም የሚያሳስተው ክፍል ነው፤ ጎበዝ አንጥረኛም ቢሆን የተዘጋጀ መቆለፊያ ገዝቶ ይገጥማል። በውስጡ የብረት ሞላ ስላለ ማግኔት ቢስበው ጌጡ ሐሰተኛ ነው አያሰኝም። ዋናው መታየት ያለበት መቆለፊያውን ከጌጡ ጋር የሚያገናኘው ትንሽ ቀለበት ነው፦ አፉ ተበይዷል ወይስ በጉጠት ተጨምቆ ብቻ ተገጥሟል? ያልተበየደው በጊዜ ብዛት ይከፈትና ጌጡ ይወድቃል። ምላስ ያለው መቆለፊያ ከሆነ ደግሞ ምላሱን በጥፍር ጫን አድርጎ መልቀቅ ነው፤ ወደ ቦታው ካልተመለሰ በብየዳው ሙቀት ለስልሷል፣ ሞላነቱም ጠፍቷል።