የሶፍትዌር ፕሮጀክት የቤት ስም፦ አወጣጡና አያያዙ

የቤት ስም የሶፍትዌር ቡድን ገና ያላወጣውን ሥራ እርስ በርሱ የሚጠራበት ስም ነው። ሥራው ለሕዝብ ሲቀርብ ሌላ፣ የገበያ ስም ይወጣለታል። እስከዚያ ድረስ ግን በስብሰባ፣ በቴሌግራም ግሩፕና በቀጠሮ ሰሌዳ ላይ የሚታወቀው በቤት ስሙ ነው። ጥቅሙ ግልጽ ነው። ጅማን በመሰለ ሁሉም በሚተዋወቅበት ከተማ፣ ካፌ ተቀምጦ ስለ ሥራ ማውራት የሚቻለው የሚሰማው ሰው የማይገባው ስም ሲኖር ነው። በገበያ ስሙ ላይ ሳይስማሙ ሥራ ለመጀመርም ያመቻል።

ጉዳቱ ሁለት ዓይነት ነው፦ ስሙ ዕቅዱን ለውጭ ሰው ይናገራል፣ አለዚያም አዲስ የገባውን ሠራተኛ ያደናግራል። ምንጫቸው ብዙውን ጊዜ አንድ ነው። ስሙ የተሰጠው መጀመሪያና መጨረሻ ላለው ሥራ ሆኖ ሳለ ቀስ በቀስ በዳታቤዙ፣ በሰርቨሩና በኮዱ ላይ ይለጠፋል። ሥራው ካለቀ በኋላም ከዚያ የሚነቅለው አይገኝም።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ ማየት ይቀላል። ጅማ ውስጥ አምስት ሰዎች ያሉት ቡድን ለአንድ የቡና አምራቾች ማኅበር የአንድሮይድ መተግበሪያ ይሠራል እንበል። መተግበሪያው ገበሬው ያመጣውን እሸት ቡና በኪሎ ይመዘግባል፣ ደረሰኝ ይቆርጣል። አሁን ቡድኑ ለማንም ያልነገረው ዕቅድ አለ፤ ክፍያው በጥሬ ገንዘብ መሆኑ ቀርቶ በቴሌብር በቀጥታ ለገበሬው ይላካል። ውሉ ስላልተፈረመ ወሬው አስቀድሞ እንዲወጣ አይፈለግም።

ስሙን መምረጥ

መጀመሪያ የሚመጣው ሐሳብ የቦታ ስም ነው። ኢንቴል የውስጥ ስሞቹን ከወንዝ፣ ከሐይቅና ከከተማ ሲወስድ ኖሯል፤ የቦታ ስም የማንም የንግድ ምልክት ባለመሆኑ ክርክር አያስነሳም። ለዚህ ቡድን ግን ይኸው ዘዴ አይሠራም። ማና፣ ጌራ፣ ሊሙ፣ ጎማ የወረዳ ስሞች ናቸው፤ ደንበኞቹም ያሉት እዚያው ነው። «ጎማ ላይ ችግር አለ» የሚል መልእክት ሲመጣ የተበላሸው ፕሮጀክቱ ይሁን፣ የጎማ ወረዳ ጣቢያ ይሁን፣ ወይስ የመስክ መኪናው ጎማ ፈንድቶ ይሁን አይታወቅም። የቤት ስም የሚወሰደው ቡድኑ በሥራው ከማይነካው ዓለም መሆን አለበት።

ሁለተኛው ወጥመድ ብልጠት ነው። ሐሰተኛ ደረሰኝ የሚያጣራ ሥራን «ወንፊት» ማለት ያስቃል፤ ግን ስሙ ሥራውን ነግሮ ጨርሷል። የዚህ ስህተት ታዋቂ ምሳሌ የሚገኘው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1940 እንግሊዞች ጀርመኖች ለቦምብ ጣይ አውሮፕላኖቻቸው የሠሩት አዲስ መሪ መሣሪያ «ቮታን» እንደሚባል ሰሙ። ቮታን በጀርመኖች አፈ ታሪክ አንድ ዓይን ያለው አምላክ ነው። ሳይንቲስቱ አር. ቪ. ጆንስ ከዚህ ተነስቶ መሣሪያው እንደ ቀድሞው በሁለት ሳይሆን በአንድ ጨረር የሚሠራ መሆን አለበት ብሎ ገመተ፤ ግምቱም ልክ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ስም ከሥራው ጋር ተገናኝቶ አይፈለግም። ከሥራው ጋር የማይዛመዱ አሥራ አምስት ወይም ሃያ ስሞች አስቀድሞ በዝርዝር ይያዛሉ፣ አዲስ ሥራ ሲመጣ በዕጣ ይወጣል። የወጣው ስም በአጋጣሚ ከሥራው ጋር የሚገጥም ከሆነ ይመለስና ሌላ ይወጣል።

ተራ ቁጥርም ከዚህ አያድንም። በጅማ የግብርና ምርምር ማዕከል የተለቀቀው 74110 የተባለው የቡና ዝርያ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞቹ እናት ዛፉ የተመረጠበትን ዓመት፣ 1974ን እ.ኤ.አ.፣ ይነግራሉ። ለዝርያ መዝገብ ይህ ጥሩ ነው። ለምስጢር ሥራ ግን «ፕሮጀክት 7» ከፊቱ ስድስት እንደነበሩ፣ «26-2» ደግሞ መቼ እንደተጀመረ ለማንም ይናገራል።

የሰው ስምም አይወሰድም። አፕል ፓወር ማኪንቶሽ 7100 የተባለውን ኮምፒውተር በውስጥ «ካርል ሴገን» ይለው ነበር። ስሙ በጋዜጣ ሲወጣ ሳይንቲስቱ ተቃወመ፤ መሐንዲሶቹ ተናደው በሚያሾፍበት ስም ቢቀይሩት ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። በጅማ ደግሞ አባ ጅፋርን ለመሰለ ስም ሌላም ምክንያት አለ፤ ቤተ መንግሥቱም፣ የእግር ኳስ ክለቡም በዚያ ስም ስለሚጠሩ በፍለጋ የሚመጣው የፕሮጀክቱ ወሬ አይሆንም።

የወጥ ቤት ዕቃ ለዚህ ቡድን ጥሩ ምንጭ ነው፤ ግን በአማርኛ ስም ላይ በተለይ መታየት ያለበት ነገር አለ፦ አጻጻፉ። «ሰፌድ» በንጉሡ ሠም «ሠፌድ» ተብሎ ይጻፋል። ለአንባቢ ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ሰ `U+1230`፣ ሠ `U+1220` ስለሆኑ አንዱን የፈለገ ሌላውን አያገኝም። ስለዚህ ሀ፣ ሰ፣ አ እና ጸ ያሉበት ስም ባይመረጥ ይሻላል። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ «ሙቀጫ» አንዱ ዘንድ `mukecha`፣ ሌላው ዘንድ `muqecha` ይሆናል። አጭር ስም ሌላ ጣጣ አለው። `gan` ብሎ የፈለገ ሰው `organization` የሚለው ቃል ያለበትን ፋይል ሁሉ ይሰበስባል፤ `lemat` ያለም `problematic` ውስጥ ይገባል። «ጭልፋ» ከሁሉም ያመልጣል፦ ሞክሼ ፊደል የለውም፣ `chilfa` ተብሎ ሲጻፍም በእንግሊዝኛ ቃል ውስጥ አይገኝም። የቴሌብሩ ሥራ ጭልፋ ተባለ እንበል።

ስሙ ከመጽደቁ በፊት አማርኛም አፋን ኦሮሞም ለሚናገሩ የቡድኑ አባላት ጮክ ብሎ ይነበብላቸዋል። በአንዱ ቋንቋ ደህና የሆነ ድምፅ በሌላው ነውር ሊሆን ስለሚችል ይህች ደቂቃ አትዘለልም።

የት ይጻፋል፣ የት አይጻፍም

ጭልፋ የሚለው ስም የሚነገረው በስብሰባ፣ በግሩፕ ስም፣ በቀጠሮና በሥራ ዝርዝር ላይ ብቻ ነው። በሰርቨሩ ኮድና በዳታቤዙ ግን ነገሩ በሚሠራው ይጠራል፦ `farmer-payout`። ከሁለት ዓመት በኋላ ሌሊት የተበላሸ ክፍያ የሚፈልግ ሰው `chilfa_v2` የሚል ሰንጠረዥ ቢያገኝ ምንም አይነግረውም። እውነቱን ለመናገር ቀልዱ የሚያልቀው እዚህ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ አምስት ሰዎች ይስቃሉ፣ ስድስተኛው ይቸገራል።

ከውጭ በሚታይ ቦታ ላይ ግን ገላጭ ስም ራሱ ምስጢር አውጪ ይሆናል። ብዙ ቡድን የማያስበው ቀዳዳ የኤችቲቲፒኤስ ሰርተፊኬት ነው። ለአንድ አድራሻ ሰርተፊኬት ሲወጣ አድራሻው ለሁሉም ክፍት በሆነ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ `crt.sh` ላይ የድርጅቱን ዶሜን የጻፈ ሁሉ ያየዋል። ቡድኑ የመሞከሪያ ሰርቨሩን `telebirr-payout.example.com` ቢለው ዕቅዱ በዚያው ቀን አደባባይ ወጣ ማለት ነው። `chilfa.example.com` ቢለው ደግሞ አንድ ነገር እየተሠራ መሆኑ ይታወቃል፣ ምን እንደሆነ ግን አይታወቅም። የተሻለው `*.dev.example.com` ለሚል ጥቅል አድራሻ አንድ ሰርተፊኬት ማውጣት ነው፤ ያን ጊዜ በመዝገቡ ላይ የሚሰፍረው ኮከቡ ብቻ ነው። ሌትስ ኢንክሪፕት ይህን ዓይነት በነፃ ይሰጣል፤ ባለቤትነትን የሚያረጋግጠው ግን በዲኤንኤስ በኩል ብቻ ነው።

መተግበሪያው ራሱም ይናገራል። ኤፒኬ ፋይል ማንም ሊፈታው ስለሚችል፣ የተደበቀ ቁልፍ ብቻ ነው ተብሎ የገባ `enable_telebirr` የሚል ጽሑፍ ይነበባል። ከማስታወቂያው በፊት በሚወጣው እትም ውስጥ የጭልፋ ኮድ ጨርሶ ባይኖር ነው የሚበጀው። በጣም ክፉው ስህተት ደግሞ የቤት ስሙን በመተግበሪያው መለያ ላይ ማስገባት ነው። `com.example.chilfa` ተብሎ ፕሌይ ስቶር ላይ የወጣ መተግበሪያ መለያው ዳግም አይቀየርም፤ ለመቀየር እንደ አዲስ መተግበሪያ አውጥቶ ተጠቃሚውን ሁሉ እንደገና አውርዱ ማለት ያስፈልጋል።

እትም ከመውጣቱ በፊት ሁለት ትእዛዝ ይበቃል፦ አንዱ ፋይሎቹን፣ ሌላው የኮሚት መልእክቶችን ይፈትሻል።

```
git grep -n -i -e chilfa -e 'ጭልፋ'
git log --all --oneline -i --grep=chilfa --grep='ጭልፋ'
```

ሙሉ ቃል ብቻ የሚፈልገው `-w` እዚህ ላይ አይጨመርም። የታች ሰረዙን እንደ ፊደል ስለሚቆጥር `chilfa_api`ን ያልፈዋል።

ንግግርም እንደዚሁ ነው። «ጭልፋን ሰኞ ለማኅበሩ ሰዎች እናሳይና ቴሌዎችን እንጠራለን» ያለ ሰው ስሙን ጠብቆ ምስጢሩን ዘርዝሯል።

መዝገቡ

አዲስ ሰው እንዳይደናገር የሚያደርገው አንድ መዝገብ ነው፤ ከኮዱ ጋር፣ አባላት ብቻ በሚያዩት ቦታ ይቀመጣል። ለእያንዳንዱ ስም ከአምስት ወይም ከስድስት መስመር አይበልጥም።

```
ስም: ጭልፋ
በላቲን: chilfa
ምንድን ነው: የእሸት ቡና ክፍያን በቴሌብር ለገበሬ መላክ
በኮድ ውስጥ: farmer-payout
ለውጭ: አልተነገረም
ያበቃበት ቀን: -
```

ዋናው መስመር «በኮድ ውስጥ» የሚለው ነው፤ በስብሰባ የሚሰማውን ስም በስክሪን ላይ ከሚያየው ጋር የሚያገናኘው እሱ ነው። «ለውጭ» የሚለው ደግሞ አዲሱ ሠራተኛ ለደንበኛ ስልክ ሲመልስ ምን ማለት እንደማይችል ይነግረዋል። ከጅማ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተመርቆ የመጣ ልጅ በመጀመሪያው ቀን መዝገቡን ያነባል፤ በሳምንቱ መጨረሻ ሁለት ወይም ሦስት ስሞችን ምን እንደሆኑ እንዲናገር ይጠየቃል። ካልቻለ የሚታረመው መዝገቡ ነው። አለመረዳቱ ራሱ ግን በቀላሉ አይታይም፤ አዲስ ሰው አንተ ወይም አንቱ ለማለት እንኳ በሚያመነታበት ስብሰባ ውስጥ «ጭልፋ ምንድን ነው?» ብሎ ከመጠየቅ ራሱን መነቅነቅ ይመርጣል። በስብሰባ ማስታወሻ ላይ ስሙ በመጀመሪያ በተጠቀሰበት ቦታ አጭር ማብራሪያ ማስከተል ይህን ያቃልላል።

በአንድ ጊዜ በሥራ ላይ ያሉ ስሞች ከሦስት ወይም ከአራት ካለፉ ነባሮቹም ማምታታት ይጀምራሉ። ለትናንሽ ሥራ ስም አይወጣም፤ «የደረሰኝ እርማት» ብሎ መጥራት ይበቃል።

ክፍያው ለገበሬዎች ይፋ ሲሆን ጭልፋ ይዘጋል። በመዝገቡ ላይ ቀኑ ይሞላል፣ ግሩፑ የገበያ ስሙን ይይዛል፣ ጭልፋ የሚለው ስምም ለሌላ ሥራ አይሰጥም፤ የድሮ መልእክት የሚያነብ ሰው ሁለቱን ይቀላቅላልና። ከዚያ በኋላ የማኅበሩ ሒሳብ ሠራተኛ ስልክ ደውሎ «ጭልፋው ዛሬ አልሠራም» ካለ ስሙ በአንድ በኩል አምልጧል። መጀመሪያ የሚታዩት የተላኩት ደረሰኞችና የፒዲኤፍ ሰነዶች ናቸው። በገጹ ላይ ስሙ ተሰርዞ እንኳ የፋይሉ የውስጥ ርዕስ ድሮ የተሰጠውን ይዞ ይቀራል፤ ሰነዱ በብራውዘር ሲከፈትም ከላይ ትሩ ላይ ይነበባል።