የፊስካል መልቲፕላየር ምንድን ነው? መንግሥት ያወጣው 100 ብር ስንት ይሆናል?

መንግሥት ተጨማሪ 100 ሚሊዮን ብር ሲያወጣ የአገሪቱ ምርት በ150 ሚሊዮን ካደገ መልቲፕላየሩ 1.5 ነው፤ በ60 ሚሊዮን ካደገ 0.6 ነው። የምርቱ ጭማሪ ለወጪው ጭማሪ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ማለት ነው። ስሌቱ የአንድ መስመር ሥራ ሆኖ ሳለ ባለሙያዎች የማይስማሙበት ምክንያት ገንዘቡ ከወጣ በኋላ የት እንደሚደርስ ሲከታተሉት ይገለጣል።

ለምሳሌ ያህል 100 ሚሊዮኑ ለአስፋልት መንገድ ይዋል እንበል። ሬንጁ፣ ማሽኑና መለዋወጫው ከውጭ ስለሚመጣ 40 ሚሊዮኑ ወዲያው ከአገር ይወጣል። የቀረውን 60 ሚሊዮን ሠራተኛውና የአገር ውስጥ አቅራቢው ይቀበሉታል። እነሱ ደግሞ ከሚያገኙት 100 ብር 60ው ለግብር፣ ለቁጠባና ለውጭ ዕቃ ቢሄድ፣ 40ውን ለአገር ውስጥ ዕቃና አገልግሎት ያውሉታል። ስለዚህ 60 ሚሊዮኑ 24፣ 24ቱ 9.6 እያስከተለ ይቀጥላል፤ ሲደመር 100 ሚሊዮን፣ ማለትም መልቲፕላየሩ 1 ይሆናል። ያው ገንዘብ ድንጋዩም ጠራቢውም የአገር ውስጥ ለሆነ ኮብልስቶን ቢውልና የሚወጣው 10 ሚሊዮን ብቻ ቢሆን፣ በዚሁ ስሌት ድምሩ 150 ሚሊዮን ይደርሳል።

እስካሁን ገንዘቡ ከየት እንደመጣ አልጠየቅንም። መንግሥት ከባንክ ከተበደረና በዚያው ምክንያት የ40 ሚሊዮን ብር የግል ፕሮጀክት ብድር አጥቶ ከቀረ፣ ያ ፕሮጀክት ያስከትለው የነበረው ምርት ከድምሩ መቀነስ አለበት። የቀረው ፕሮጀክት የአስፋልቱን ያህል የውጭ ዕቃ የሚፈልግ ከሆነ የሚቀነሰው 40 ሚሊዮን ነው፤ የመንገዱ መልቲፕላየርም ወደ 0.6 ይወርዳል። የመንግሥት ወጪ የግሉን ዘርፍ ገፍቶ ማስወጣት፣ ክራውዲንግ አውት የሚባለው ይህ ነው።

በመማሪያ መጻሕፍት ግፊቱ የሚመጣው በወለድ ነው፤ መንግሥት ብዙ ሲበደር ወለድ ይጨምራል፣ ነጋዴው ይተወዋል። ወለዱ በገበያ በማይወሰንበት አገር ግን መንገዱ ሌላ ነው። በኢትዮጵያ በ2003 ዓ.ም. የወጣው መመሪያ የግል ባንኮች ከሚሰጡት አዲስ ብድር 27 በመቶ የሚሆን የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙ ያስገድድ ነበር። 100 ሚሊዮን ለማበደር 127 ሚሊዮን መያዝ ያስፈልግ ነበር ማለት ነው። ሰነዱ መጀመሪያ ይከፍል የነበረው 3 በመቶ ሲሆን ለቆጣቢ የሚከፈለው ዝቅተኛ ወለድ ግን 5 በመቶ ነበር። በ27 ሚሊዮኑ ላይ ባንኩ በዓመት ቢያንስ 540,000 ብር ይከስራል፤ ያንን ለመመለስ በ100 ሚሊዮኑ ብድር ላይ ከግማሽ በመቶ በላይ መጨመር አለበት። ከዚህ የሚከፋው ግን ጭራሹን ብድር ያላገኘው ሰው ነው፤ እሱ በወለድ አኃዝ ውስጥ አይታይም። መመሪያው በ2012 ዓ.ም. ተነሣ። የውጭ ምንዛሪም እንዲሁ ነው፤ ለሬንጅ የወጣው ዶላር ጥሬ ዕቃ ለሚጠብቅ ፋብሪካ አይደርስም።

ግምቶች የሚለያዩበት አንዱ ምክንያት እንግዲህ የኢኮኖሚው ሁኔታ ነው። ሥራ ፈት ሰውና ማሽን በበዛበት ጊዜ የሚገፋ ነገር ጥቂት ነው። ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት በጥቅምት 2012 እ.ኤ.አ. ይህን በራሱ ትንበያ ላይ አየው፤ የአውሮፓ አገሮች ወጪ ሲቀንሱ በ0.5 አካባቢ መልቲፕላየር ተገምቶ ነበር፣ የደረሰው ጉዳት ግን ከ0.9 እስከ 1.7 የሚያመለክት ሆነ። ወለዱ ዜሮ አጠገብ ስለነበር ከዚያ በታች ወርዶ ጉዳቱን ሊያካክስ አልቻለም።

ሌላው ምክንያት አለካኩ ነው። መንግሥት ብዙውን ጊዜ ወጪ የሚጨምረው ኢኮኖሚው ሲታመም ስለሆነ ሁለቱን አኃዞች ጎን ለጎን ብቻ ያስቀመጠ ሰው ወጪው በሽታውን ያመጣ ይመስለዋል። ስለዚህ ተመራማሪዎች ከዘንድሮው ኢኮኖሚ ጋር ያልተያያዘ ወጪ ይፈልጋሉ። ናካሙራና ስታይንሰን የአሜሪካን ግዛቶች በመከላከያ ወጪ አነጻጽረው በ2014 እ.ኤ.አ. 1.5 አካባቢ አገኙ። ይህ ቁጥር ግን የመላ አገሪቱ አይደለም፤ ወለዱ ለሁሉም ግዛት አንድ ነው፣ ግብሩንም የሚከፍለው ሁሉም ነው፤ በንጽጽሩ ውስጥ ሁለቱም ይጣፋሉ። አርት ክራይ ደግሞ የዓለም ባንክ የፕሮጀክት ብድር የሚለቀቀው ከዓመታት በፊት በተወሰነ ውሳኔ መሆኑን ተጠቅሞ 29 ድሃ አገሮችን መረመረ። ያገኘው 0.5 አካባቢ ነው።

ለኛ የሚቀርበው ይኸኛው ይመስለኛል። ሆኖም 0.5 ማለት መንገዱ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ቁጥሩ የሚለካው ገንዘቡ በወጣበት ሰሞን የተፈጠረውን ምርት ነው፤ መንገዱ ካለቀ በኋላ ገበሬው ለጭነት የሚቆጥበው ብር በውስጡ የለም።