የሥራ ማስታወቂያ ሲተረጎም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ተፈላጊ ችሎታው ከእንግሊዝኛው ቃል በቃል ከተተረጎመ ማንም አይሳሳትም።»

አዲስ አበባ ለሚገኝ መጋዘን ንብረት ጠባቂ የሚፈልግ የእንግሊዝኛ ማስታወቂያ እንውሰድ። የሁለት ዓመት ልምድ ግዴታ ነው፤ የኮምፒውተር ችሎታ ግን ቢኖር የሚመረጥ ብቻ ነው። ተርጓሚው ሁለቱንም «ያለው» ብሎ ሲዘጋቸው ልዩነቱ ይጠፋል፤ ለዓመታት መጋዘን የያዘ፣ ኮምፒውተር ግን ያልነካ ሰው ሳያመለክት ይቀራል። «ኮምፒውተር መጠቀም ቢችሉ ይመረጣል» ቢባል ግን ያመለክት ነበር።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ የቋንቋ መስፈርቱ ነው። እንግሊዝኛው አማርኛ አፍ የፈታበትን ሰው ሲጠይቅ «ተወላጅ» ብለው የሚተረጉሙ አሉ። ይህ ለአንባቢው ብሔር መጠየቅ ነው፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ በብሔር ልዩነት ማድረግን ይከለክላል። «አማርኛ አፍ መፍቻቸው የሆነ» ማለቱም በቤቱ ኦሮምኛ ወይም ጉራጊኛ እየተናገረ ያደገውን፣ አማርኛን ግን ጠንቅቆ የሚጽፈውን ሰው ያለ ምክንያት ያስቀራል። ሥራው የሚጠይቀው የንብረት ገቢና ወጪ ቅጾቹን ሞዴል 19 እና ሞዴል 22 መሙላት፣ ከሾፌሮችና ከአስረካቢዎች ጋር መነጋገር ነው። ስለዚህ አሠሪውን አስፈቅዶ «አማርኛ አቀላጥፈው የሚናገሩና የሚጽፉ» ማለት ይበቃል። መስፈርቱን ማላላት ወይም ማጥበቅ የተርጓሚው ሥልጣን ስላልሆነ ማስፈቀዱ መዘለል የለበትም።

«‹ፆታ አይለይም› የሚል መስመር ካለ ከዚያ በኋላ ‹የሠራ›፣ ‹የሚችል› እያሉ መቀጠል ችግር የለውም።»

የእንግሊዝኛው ግስ ፆታ አይለይም፤ የአማርኛው ግን በየመስመሩ ይለያል። አሥር ጊዜ «የሚችል» ያነበበች ሴት አንድ መስመር አያሳምናትም። «የሚችል/የምትችል» እያሉ መደጋገም ደግሞ ዓይን ያደክማል። «አመልካቾች» ብሎ ጀምሮ «የሠሩ»፣ «የሚችሉ» በሚለው የብዙ ቁጥር መጨረስ ሁለቱንም ይፈታል።

«ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ መመለሱ ቀላል ነው።»

«ተያዥ ማቅረብ የሚችል» የሚለውን ሞክሩት። ዋስትና በሚል ብቻ ከተተረጎመ የውጭ ዜጋው ሥራ አስኪያጅ ገንዘብ ማስያዝ ወይም ስለ አመልካቹ ምስክርነት የሚሰጥ ሰው ሊመስለው ይችላል። እንግሊዝኛው አጭር ቃል ስለማይበቃው ተዘርዝሮ ይጻፍ፦ ንብረት ቢጎድል ኃላፊነት ለመውሰድ በጽሑፍ የሚፈርም ሰው፤ አሠሪው የዋስትናውን መጠን ከወሰነም መጠኑ ይጨመር።

«ቀንና ሰዓት ቁጥር ስለሆኑ እንዳሉ ይገለበጣሉ።»

ማመልከቻ የሚዘጋው በ2025 ጃንዋሪ 15 ከሆነ በእኛ ጥር 7 ቀን 2017 ነው። የወሩን ስም ብቻ ቀይሮ «ጥር 15» ያለ ተርጓሚ አመልካቾቹን ስምንት ቀን ያዘገያቸዋል። የጽሑፍ ፈተናው በእንግሊዝኛው ጠዋት 9 ሰዓት ከሆነም በአማርኛው «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ተብሎ ይጻፍ።