በሦስት ኬብል የተንጠለጠለ ነጥብ ሚዛኑን መጠበቁ እንዴት ይረጋገጣል?

ሦስት ኬብሎች ከአንድ ቀለበት ተነሥተው ወደ ላይ ሲወጠሩና 110 ኒውተን የሚመዝን ዕቃ ሲይዙ፣ ውጥረታቸው 60፣ 60 እና 50 ኒውተን ነው ቢባል፣ ድምሩ 170 ስለሆነ ስሌቱ የተሳሳተ ይመስላል። ሆኖም በተለያየ አቅጣጫ የሚጎትቱ ጉልበቶች እንደ ተራ ቁጥር አይደመሩም፤ እያንዳንዱ በ x፣ በ y እና በ z አቅጣጫ ያለው ድርሻ ተለይቶ ለየብቻ መደመር አለበት።

ቀለበቱን መነሻ አድርገን የኬብሎቹ መታሰሪያዎች በሜትር (2, 1, 2)፣ (−2, 1, 2) እና (0, −4, 3) ላይ ናቸው እንበል። የኬብሎቹ ርዝመት 3፣ 3 እና 5 ሜትር ይሆናል። ድርሻው የሚገኘው ውጥረቱን በርዝመቱ አካፍሎ በየመጋጠሚያው በማባዛት ነው፤ ብዙዎች የሚስቱት ይህን ማካፈል በመዝለል ነው።

የመጀመሪያው (40, 20, 40)፣ ሁለተኛው (−40, 20, 40)፣ ሦስተኛው (0, −40, 30) ይሰጣል። ለማጣራት የድርሻዎቹን ካሬዎች መደመር ይበቃል፦ 1600 + 400 + 1600 = 3600፣ ይህም የ60 ካሬ ነው።

በ x እና በ y ድምሩ ዜሮ ሲሆን፣ በ z ወደ ላይ 110 ይወጣል፤ ክብደቱም −110 ስለሆነ ነጥቡ ሚዛኑን ጠብቋል። ክብደቱ ቢረሳ ግን ስሌቱ ፈጽሞ አይዘጋም፤ ምክንያቱም ሦስት ጉልበቶች ብቻቸውን ሚዛን የሚጠብቁት በአንድ ጠለል ላይ ሲያርፉ ነው፣ እነዚህ ኬብሎች ግን አያርፉም። ውጥረቶቹ ሳይታወቁ ከሦስቱ እኩልታዎች ሲፈለጉ አንዱ አሉታዊ ሆኖ ከመጣ ደግሞ፣ ኬብል መግፋት ስለማይችል፣ የታሰበው አሰላለፍ ዕቃውን በዚያ ቦታ ሊይዘው አይችልም።