ሃርድ ዲስክና ኤስኤስዲ በአዲስ አበባ ዳርቻ ጌም ቤቶች

በየካ አባዶ፣ በጀሞ፣ በቱሉ ዲምቱና በቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየሞች ሥር ካሉት ሱቆች መካከል የፕሌይስቴሽን ቤት ወይም በተለምዶ ጌም ቤት የሚባለው ይገኝበታል። ሒሳቡ ብዙውን ጊዜ በጨዋታ ነው። አንዱ ግጥሚያ አልቆ ሌላው እስኪጀምር፣ ስክሪኑ ላይ ሎዲንግ እያለ የሚያልፈው ጊዜ ለባለቤቱ ገቢ የለውም፣ ተራ ለሚጠብቁት ልጆችም ረጅም ነው። ስለዚህ ማሽኑ ውስጥ ያለው ማከማቻ ሃርድ ዲስክ ይሁን ኤስኤስዲ፣ ስንት ጌም ይይዛል የሚለው ጥያቄ እዚህ የዕለት እንጀራ ጉዳይ ነው። ይህ ጽሑፍ በይበልጥ ፕሌይስቴሽን 4ን ይመለከታል፤ በዳርቻው ሰፈር ጥያቄ የሚበዛው በእሱ ላይ ነውና።

በፕሌይስቴሽን 2 ዘመን ጌሙ ከሲዲው በቀጥታ ስለሚነበብ የቦታ ጥያቄ እምብዛም አልነበረም። ፕሌይስቴሽን 3 ሃርድ ዲስክ ይዞ መጣ፣ ግን ብዙ ጌሞች በከፊል ብቻ ይጫኑ ነበር።

ፕሌይስቴሽን 4 እና የሚሽከረከረው ዲስክ

ፕሌይስቴሽን 4 በኅዳር 2013 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ ሲውል በውስጡ 500 ጊጋባይት የሚይዝ፣ በደቂቃ 5400 ጊዜ የሚዞር የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ ነበረው። ሲስተሙ የራሱን ድርሻ ከወሰደ በኋላ ለጌም የሚተርፈው 408 ጊጋባይት ገደማ ነው። በዚህ ማሽን ላይ ሲዲ ያለው ጌም እንኳ ሙሉ በሙሉ ወደ ሃርድ ዲስኩ ይገለበጣል። ከዚያ በኋላ ሲዲው የሚፈለገው ጌሙ የእርስዎ መሆኑን ለማረጋገጥ ብቻ ነው። «ሲዲውን ባጸዳው ሎዲንጉ ይፈጥናል» ብሎ የሚደክም ሰው ብዙ ነው፤ አንዴ ለተጫነ ጌም ግን ሲዲው በፍጥነቱ ላይ ምንም አይጨምርም።

ሃርድ ዲስክ ለምን እንደሚዘገይ ለማወቅ ውስጡን ማሰብ ይጠቅማል። የሚሽከረከር ሳህንና ከላዩ ወዲያና ወዲህ የሚል ክንድ አለ። ክንዱ ወደሚፈለገው መስመር መድረስ አለበት፣ ከዚያም ሳህኑ ዞሮ ትክክለኛው ቦታ ከሥሩ እስኪመጣ ይጠብቃል። በ5400 ዙር አንድ ዙር 11 ሚሊሰከንድ ስለሚፈጅ በአማካይ ለመዞሩ ብቻ 5 ሚሊሰከንድ ተኩል ያህል ይሄዳል። የክንዱ ጉዞ ሲጨመርበት አንድ ቁራጭ ለማግኘት 17 ሚሊሰከንድ አካባቢ ይሆናል።

ይህ ትንሽ ይመስላል። አንድ ጌም ግጥሚያ ሊያስጀምር ሲል 1 ጊጋባይት መረጃ በ2,000 ቦታ ተበታትኖ ይፈልግ እንበል። ክንዱ 2,000 ጊዜ ሲንቀሳቀስ 34 ሰከንድ ይሄዳል። ንባቡ ራሱ፣ በሰከንድ 100 ሜጋባይት ብንል፣ 10 ሰከንድ ነው። ከ44ቱ ሰከንድ አብዛኛው የባከነው በማንበብ ሳይሆን በመፈለግ ነው ማለት ነው። ኤስኤስዲ የሚዞር ሳህንም ክንድም የለውም። አንድን ቁራጭ ለማግኘት ከ1 ሚሊሰከንድ እጅግ ያነሰ ጊዜ ስለሚበቃው ያው ሥራ በፕሌይስቴሽን 4 ገመድ ላይ እንኳ በ4 ሰከንድ አካባቢ ያልቃል።

ጌም ሠሪዎችም ይህን የክንድ ጉዞ ለመቀነስ አንድን ነገር ደጋግመው ዲስኩ ላይ ያስቀምጡ ነበር። የፕሌይስቴሽን 5 ዋና ንድፍ አውጪ ማርክ ሰርኒ በመጋቢት 2020 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ገለጻ ይህንኑ አንሥቷል፦ መንገድ ዳር የሚታይ የፖስታ ሳጥን በየሰፈሩ መረጃ ውስጥ እየተደጋገመ በመቶዎች ጊዜ ሊጻፍ ይችላል። የጌሙ መጠን ከሚያብጥባቸው ምክንያቶች አንዱ፣ እንግዲህ፣ የሃርድ ዲስኩ ዝግታ ራሱ ነበር።

ኤስኤስዲ ሲገባበት

የሰፈራችን ልጆች ፕሌይስቴሽን 4ን በራሳቸው ፈትተው ዲስክ መቀየር የተማሩት ያለ አስተማሪ ነው፤ ሥራቸውም ንጹሕ ነው። አካሄዱ ይህ ነው። መጀመሪያ የተጫዋቾቹ ሴቭ በፍላሽ ይወጣል። ማሽኑ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ ገመዱ ይነቀላል። በመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን 4 ላይ የሚያብረቀርቀው የላይ ክዳን ተንሸራትቶ ይወጣል፣ በስሊሙ ከኋላ ጥግ ያለች ትንሽ ክዳን ትነሣለች። የፕሌይስቴሽን ምልክቶች የተቀረጹባት ብሎን ስትፈታ ሃርዱ ከነመያዣው ይወጣል። የሚተካው 2.5 ኢንች ስፋትና ከ9.5 ሚሊሜትር ያልበለጠ ውፍረት ያለው ሳታ ዲስክ ነው፤ የተለመደው 7 ሚሊሜትር ኤስኤስዲ በደንብ ይገባል።

አዲሱ ዲስክ ባዶ ስለሆነ ሲስተሙ እንደገና ይጫንበታል። ፍላሹ በFAT32 ወይም በexFAT ተፎርማት፣ ፋይሉ በዚህ ቦታ ይቀመጣል፦

```
PS4/UPDATE/PS4UPDATE.PUP
```

ከዚያ ሁለተኛው ጢጥ ድምፅ እስኪሰማ፣ ማለትም 7 ሰከንድ ያህል፣ የማብሪያው ቁልፍ ተጭኖ ይያዛል። ጆይስቲኩ በገመድ ተገናኝቶ በሴፍ ሞዱ ዝርዝር ላይ 7ኛው፣ `Initialize PS4 (Reinstall System Software)` ይመረጣል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በፋይሉ ነው። ሶኒ ሁለት ፋይል ያወጣል፦ አንደኛው ለተራ አፕዴት፣ ሁለተኛው ለሙሉ ጭነት፤ የሁለቱም ስም አንድ ነው። ለባዶ ዲስክ የሚሠራው መጠኑ ትልቅ የሆነው የሙሉ ጭነቱ ፋይል ብቻ ነው። ማሽኑ ፋይሉን አላገኘሁም እያለ ከመለሰዎት፣ ኤስኤስዲውን ከመጠርጠርዎ በፊት የፋይሉን መጠንና የፎልደሮቹን ስም ይዩ።

ውጤቱ ግን ከላይ እንዳሰላነው አሥር እጥፍ አይሆንም። መረጃው ከዲስኩ የሚመጣው ታሽጎ ነው፤ ያንን የሚፈታው የማሽኑ ፕሮሰሰር ነው፣ እሱ ደግሞ ደካማ ነው። ኤስኤስዲው ዕቃውን ፈጥኖ ቢያመጣም ፕሮሰሰሩ እስኪፈታ ይጠብቃል። ከተማ እየዞሩ የሚጫወቱባቸው ትልልቅ ጌሞች ላይ ልዩነቱ በደንብ ይታያል፣ በፊፋ (ስሙ ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ ቢሆንም ሁሉም ፊፋ ነው የሚለው) ግጥሚያ መግቢያ ላይ ግን መጠነኛ ነው። ኤስኤስዲውን በዩኤስቢ ከውጭ ማድረግ ከውስጥ ይሻላል የሚሉ ቴክኒሻኖች አሉ፣ አይሻልም የሚሉም አሉ፤ ምናልባት እንደ ጌሙ ይለያይ ይሆናል።

«ቦታ የለም» የሚለው ጽሑፍ

ከፍጥነቱ ይልቅ ጌም ቤት የሚያስቸግረው ቦታ ነው። በ408 ጊጋባይት ላይ አራት ጌም እናስቀምጥ፦ ኳሱ 45፣ ከተማ የሚዞርበት 95፣ የቦክሱ 60፣ የጦርነቱ 160 ጊጋባይት ይሁን። ድምሩ 360 ነው፣ 48 ይተርፋል። የጦርነቱ ጌም 10 ጊጋባይት አፕዴት አወጣ። ባለቤቱ 48 ስላለው ይበቃል ብሎ ያስባል፣ ማሽኑ ግን ቦታ የለም ይላል።

ምክንያቱ ፕሌይስቴሽን 4 አፕዴትን የሚያስገባበት መንገድ ነው። አዲሱን ክፍል አሮጌው ላይ ከመለጠፍ ይልቅ ብዙ ጊዜ ጌሙን በጎን እየገለበጠ አዲስ ቅጂ ይሠራል፣ ሲጨርስ አሮጌውን ይሰርዛል። ስለዚህ ለ160 ጊጋባይቱ ጌም በጊዜያዊነት ሌላ ያንኑ የሚያህል ቦታ ሊጠይቅ ይችላል። ኳሱ ቢሆን ኖሮ 45ቱ በ48ቱ ውስጥ ለጥቂት ያልፋል። አፕዴቱ ወርዶ ካለቀ በኋላ ስክሪኑ ላይ ለረጅም ጊዜ የሚቆየው የመገልበጥ መስመርም ይኸው ነው፤ በሃርድ ዲስክ ላይ ክንዱ እያነበበ እየጻፈ ስለሚመላለስ ከማውረዱ ሊረዝም ይችላል። ኤስኤስዲ ትልቁን እፎይታ የሚሰጠው እዚህ ላይ ነው፣ ከግጥሚያ መግቢያውም ይበልጣል።

መፍትሔው በመጋቢት 2017 እ.ኤ.አ. በ4.50 ሲስተም የመጣው የውጭ ማከማቻ ነው። ከ250 ጊጋባይት እስከ 8 ቴራባይት የሚይዝ ዩኤስቢ 3.0 ዲስክ ይቀበላል። ዲስኩ ለማሽኑ ሲዘጋጅ ያለበት ሁሉ ይጠፋል፣ ከዚያ በኋላም ኮምፒውተር አያነብበውም፤ የሠርግ ቪዲዮ ያለበትን ሃርድ እንዳያስገቡ። ሴቭ ግን ወደዚህ ዲስክ አይዛወርም፣ በውስጡ ዲስክ ላይ ይቆያል። ከላይ ባለው ምሳሌ የከተማውና የቦክሱ ጌም ወደ ውጭ ቢዛወሩ 203 ጊጋባይት ይከፈታል፣ የጦርነቱም አፕዴት ይገባል።

ርካሽ ተብሎ የሚሸጥ «2 ቴራ» ውጫዊ ዲስክ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሐሰተኛው ትልቅ መጠን ያሳያል፣ እውነተኛ አቅሙ ሲሞላ ግን የቀደመውን እየደመሰሰ ይጽፋል። ምልክቱ የመጀመሪያዎቹ ጌሞች በደንብ ሠርተው ቆይተው አንድ ቀን ተበላሽተዋል መባላቸው ነው። ከመግዛት በፊት በኮምፒውተር `H2testw` በሚባለው ፕሮግራም ሙሉውን ማስሞላት ያጋልጠዋል።

መብራት ሲሄድ

በዳርቻው ሰፈር መብራት በድንገት መሄዱ የታወቀ ነው። ማሽኑ እየጻፈ ሳለ ከጠፋ፣ ሲነሣ ማከማቻውን መፈተሽ ይጀምራል፤ ይህን ማቋረጥ ጉዳቱን ያብሳል። ጌሞቹ ከዝርዝሩ ከጠፉ ወይም ሜኑው ከተንቀረፈፈ በሴፍ ሞድ 5ኛው `Rebuild Database` ጌም ሳይሰርዝ ዝርዝሩን እንደገና ይሠራል። እሱ ካልረዳ፣ ከውስጥ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካለ ወይም `CE-34335-8` ከመጣ ሃርዱ ራሱ እየሞተ ሊሆን ይችላል። ኤስኤስዲ መውደቅንና መንቀጥቀጥን ይችላል እንጂ እየተጻፈ የነበረን ፋይል ከመብራት መጥፋት አያድነውም፤ ያንን የሚችለው ዩፒኤስ ነው።

ፕሌይስቴሽን 5

በኅዳር 2020 እ.ኤ.አ. የመጣው ፕሌይስቴሽን 5 825 ጊጋባይት ኤስኤስዲ አለው፤ ለጌም የሚተርፈው 667 ገደማ ነው። በሰከንድ 5.5 ጊጋባይት ያነባል፣ የታሸገውንም የሚፈታው ለዚሁ የተሠራ ክፍል ነው፤ በፕሌይስቴሽን 4 ፕሮሰሰሩ ላይ የነበረው መጨናነቅ እዚህ ተነሥቷል። ሶኒ በስፓይደርማን ባሳየው ማነጻጸሪያ በፕሌይስቴሽን 4 ፕሮ 8.1 ሰከንድ የፈጀው በአዲሱ 0.83 ሆኗል።

የፕሌይስቴሽን 5 ጌም በዩኤስቢ ዲስክ ላይ ይቀመጣል እንጂ ከዚያ አይጫወትም፤ የፕሌይስቴሽን 4 ጌም ግን ይጫወታል። ቢሆንም አሮጌው ሃርድ ሥራ አያጣም። 50 ጊጋባይት ጌም ሰርዞ በ10 ሜጋቢት ኢንተርኔት እንደገና ማውረድ ከ11 ሰዓት በላይ ይፈልጋል፤ በሰከንድ 100 ሜጋባይት ከሚያነብ ሃርድ መልሶ መገልበጥ ግን 8 ወይም 9 ደቂቃ ነው፣ የኢንተርኔት ሒሳብም አይቆጥርም።